የዘፈን ግጥም ውስጥ የድምፅ ድግግሞሽ፦ ስሜት የሚሰጠው መቼ ነው? ጆሮ የሚረብሸውስ?

ግጥም የሚጽፉ፣ በተለይ ለዜማ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ድምፅ ድግግሞሽ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መልሱ በደረቅ ሕግ እንዳይሆን አንዲት አራት መስመር ግጥም ይዘን እንሄዳለን። ግጥሟ ለዚሁ የተጻፈች ናት፤ ሰው ሲጠበቅ ስለሚያልፍ ሌሊት ትናገራለች።

የተነባቢ ድግግሞሽና የአናባቢ ድግግሞሽ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የፊደል ገበታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ወደ ጎን ብትሄዱ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያለ ይቀጥላል። ተነባቢው አንድ ነው፤ የሚለወጠው አናባቢው ነው። በአንድ ስንኝ ውስጥ ከአንድ ረድፍ የወጡ ፊደላት በቅርብ ርቀት ሲደጋገሙ የተነባቢ ድግግሞሽ እንላለን። በተለይ በቃል መነሻ ላይ ሲሆኑ ጎልተው ይሰማሉ። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ላ፣ ማ፣ ራ፣ ሳ ይመጣል። እዚህ አናባቢው አንድ ሆኖ ተነባቢው ይለወጣል። ይህ ሲደጋገም የአናባቢ ድግግሞሽ ነው።

ገበታው ግን አንዳንዴ ያታልላል። ሰ እና ሠ ለዓይን ሁለት ናቸው፣ ለጆሮ አንድ። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንደዚያው። ሀ እና አ በገበታው ግዕዝ ላይ ቢቀመጡም ድምፃቸው የራብዕ ነው። ስለዚህ ድግግሞሽ የሚቆጠረው በወረቀት ላይ በማየት ሳይሆን ጮክ ብሎ በማንበብ ነው።

ቤት መምታት ካለ ይሄ ለምን ያስፈልጋል?

ቤት የሚመታው ስንኙ ሲያልቅ ነው። አድማጩ መጨረሻውን ይጠብቃል፤ ሲደርስ «ገጠመ» ይላል። ስንኙ ውስጥ ያሉት ድግግሞሾች ግን አይጠበቁም። ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ ሥራቸውን የሚሠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ስንኙን ይዘጋል፣ የውስጡ ድግግሞሽ ደግሞ ስንኙ እንዴት እንደሚራመድ ይወስናል።

ሌላም ጥቅም አለው። ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ቃላትን ያስተሳስራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ይህንን ፈትሾታል። ግጥም ሲነበብ አንድ ድምፅ ዳግም ሲመጣ፣ ቀደም ሲል በዚያው ድምፅ የተነገረው ነገር በአንባቢው አእምሮ ውስጥ እንደገና ይቀሰቀሳል። ስለዚህ የትኛውን ቃል ከየትኛው ጋር በድምፅ እንደምታስሩ ብታስቡበት ጥሩ ነው። ካላሰባችሁበት ድምፁ የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኝባችኋል።

ድምፅ ብቻውን ስሜት አለው ወይስ የምንሰጠው እኛ ነን?

ትንሽ አለው። ብዙ ግን የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዋርድ ሳፒር የተባለው የቋንቋ ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ሁለት ቃላት ለሰዎች ሰጠ፤ «ማል» እና «ሚል»። ሁለቱም ጠረጴዛ ማለት ናቸው ብንል፣ ትልቁ ጠረጴዛ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። አብዛኞቹ «ማል» አሉ። አፍ ሰፍቶ የሚወጣው አ ትልቅ ነገር አስመሰለባቸው፤ ጠበብ ያለው ኢ ደግሞ ትንሽ። ስለዚህ ድምፅ ወደ አንድ ወገን የማዘንበል ባሕርይ አለው ማለት ይቻላል።

ከዚያ አልፎ «ለ ፍቅር ነው፣ ቀ ቁጣ ነው» የሚል ሰንጠረዥ ከሰጧችሁ ግን አትቀበሉ። ለ እና መ ለስላሳ ድምፆች ናቸው፤ አየሩ ሳይታገድ ይፈስሳል። አሁን ይህንን አንብቡ፦

> አልመጣም፣ አልልም፣ አልመለስም።

ለ እና መ ሞልተውበታል። ለስላሳነት ግን የለውም። ጥርስ የነከሰ እምቢታ ነው። ትርጉሙ «አል…ም» ስለሆነ ድምፁ ያንን እምቢታ ይዞ እየደጋገመ ያጠነክረዋል። «አልመለስም» ላይ ለ ጠብቆ መነገሩም ያግዘዋል። ድምፅ ስሜትን ከባዶ አይፈጥርም፤ ቃሉ ያመጣውን ስሜት ያጎላል። ቃሉ ምንም ካላመጣ የሚያጎላው ነገር የለም።

እሺ፣ በተግባር አሳዩን። አንድ ሐሳብ በሁለት ድምፅ ምን ይመስላል?

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ የሚጠበቀው ሰው አይመጣም፤ ይነጋል። መጀመሪያ እንዲህ ተጻፈ እንበል፦

> ትደርሻለሽ ስል ጥጉን ጠብቄ
> ጎህ ቀደደብኝ በጭንቀት ደቅቄ

አሁን ደግሞ እንዲህ፦

> የመጣሽ መስሎኝ ማዶ ማዶ ሳይ
> ሌቱ አለፈ ልቤ መንገድ ላይ

ሁለቱም ስለ አንድ ሌሊት ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ግን ት፣ ድ፣ ጥ፣ ግ፣ ቅ፣ ጭ ይበዛበታል። እነዚህ ድምፆች አየሩን አንዴ ጥርቅም አድርገው ዘግተው ነው የሚለቁት። ጥ፣ ቅ እና ጭ ደግሞ ከጉሮሮ ተጨማሪ ግፊት አላቸው። ስንኙ በየእርምጃው ይቆማል፣ ይነሣል። «ደቅቄ» ላይ ሲደርስ ቅ ጠብቆ ስለሚነገር ትንፋሽ ራሱ ለአፍታ ይቆረጣል። አድማጩ የሚያየው በጠባብ ጥግ የሚቁነጠነጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው ላይ መ አምስት ጊዜ ይመጣል። መ ከንፈር ቢዘጋም በአፍንጫ መፍሰሱን አያቆምም። ቀጥሎ ያለው ስንኝ ወደ ለ ይሻገራል፤ «ሌቱ፣ አለፈ፣ ልቤ፣ ላይ»። ትንፋሹ አይቆረጥም። አናባቢውንም ልብ በሉ። «ማዶ ማዶ ሳይ» ውስጥ ራብዑ ሦስት ጊዜ ይመለስና «ላይ» ላይ ያርፋል። አፍ ይከፈታል፣ ዓይንም ወደ ሩቅ የሚያይ ይመስላል። ይህኛው ሰው ተጨንቆ ሳይሆን ፈዞ ነው የሚጠብቀው።

የቱ ይሻላል? በዘፈኑ ይወሰናል። ፈጣንና ንዴት ያለበት ዘፈን ከሆነ የመጀመሪያው ያስኬዳል። ስህተት የሚሆነው ዝግ ባለ፣ በረጅም ትንፋሽ በሚዘፈን ዜማ ላይ ሲጫን ነው። ዜማው ይፈስሳል፣ ቃላቱ ይቆርጡታል። ዘፋኙም ቅ እና ጥ እያላላ ሊያልፋቸው ይሞክራል፤ ያኔ ቃሉ አይሰማም።

ሲበዛ የሚታወቀው እንዴት ነው?

ከላይ ያለውን ስንኝ ሰው «ላሳምረው» ብሎ እንዲህ አደረገው እንበል፦

> የመጣሽ መስሎኝ ማልጄ ማዶ መንገድ መሐል ሳማትር

በወረቀት ላይ ያምራል። ስድስት የ«መ» ቃላት ተከታትለው፣ ሰባተኛውም «ሳማትር» ብሎ ይከተላቸዋል! ግን አንድ በአንድ ጠይቋቸው። «ማልጄ» ምን ይሠራል? ታሪኩ የሌሊት ነው፤ ማለዳ ገና አልመጣም። «መንገድ መሐል» ምን ይሠራል? ማዶ እያየ ነው፤ መሐል መንገድ ላይ ምን አቆመው? ሁለቱ ቃላት የመጡት ታሪኩ ስለጠራቸው አይደለም። በመ ስለሚጀምሩ ብቻ ነው።

ድግግሞሽ መብዛቱን በቁጥር ከመለካት በዚህ መለካት ይሻላል። ከተደጋገሙት ቃላት አንዱን አንሡና በሌላ ፊደል የሚጀምር፣ ትርጉሙ የሚቀራረብ ቃል ተኩበት። ስንኙ ትርጉሙ ከጠራ ወይም ምንም ካልጎደለበት ያ ቃል ለፊደሉ ሲባል የገባ ነበር። «ማዶ» የሚለውን ብትነኩት ግን ነገሩ ይበላሻል፤ «ሩቅ ሩቅ ሳይ» ብትሉ ርቀቱ አለ፣ ያ ከወዲያ በኩል የሚጠበቅ ሰው ግን የለም። ስለዚህ «ማዶ» ቦታው ነው።

ቁጥር የግድ ካላችሁ፣ እኔ በአንድ ስንኝ ውስጥ በቃል መነሻ ላይ ሦስትን እንደ ጣሪያ አያለሁ። አራተኛው ሲመጣ አድማጩ መቁጠር ይጀምራል። መቁጠር ሲጀምር ደግሞ ታሪኩን ትቶታል። የሚገርመው፣ ከሺህ ዓመት በፊት በጥንታዊ እንግሊዝኛ ይጻፉ የነበሩ ግጥሞች ቤት አይመቱም ነበር፤ ስንኙን የሚያስረው የመነሻ ድምፅ ድግግሞሽ ነበር። እዚያም እንኳ በአንድ ስንኝ ካሉት አራት ጠንካራ ምቶች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚመሳሰሉት። አራተኛው እንዲለይ ይተዋል። ሥራው በሙሉ ድግግሞሽ የሆነ ግጥም እንኳ ጆሮን የሚያሳርፍበት ቦታ ነበረው።

ያሳዘነ ግጥም ለምን አንዳንዴ ማስታወቂያ ይመስላል?

በአንድ ፊደል የተደረደሩ ቃላትን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በሁለት ቦታ ነው፤ በልጆች የምላስ ማሰሪያ ጨዋታና በማስታወቂያ መፈክር። ጆሯችን ይህንን ለምዷል። ስለዚህ ድግግሞሹ ጎልቶ ሲወጣ፣ የቃሉ ትርጉም የቱንም ያህል ቢያሳዝን አድማጩ ጨዋታ ይሸተዋል። ደራሲው «እዩኝ፣ እንዴት እንደገጠምኩት» ያለ ይመስላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ እንዲህ ለማሳመር ጊዜ የለውም ብለን እናስባለን።

መፍትሔው ድግግሞሹን መተው አይደለም። ከቃል መነሻ ወደ ቃል መሐል አውርዱት። «ሌቱ አለፈ ልቤ» ውስጥ መሐል ላይ ያለው ለ «አለፈ» ውስጥ ተሸሽጓል። ይሰማል፣ ግን እጁን አያወጣም። ለሐዘን ዘፈን የተሸሸገው ይሻላል። ለቀልድ፣ ለሽሙጥ፣ ለፉከራ ደግሞ በመነሻ ላይ ገጭ ገጭ ቢል ያምርበታል።

ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ድግግሞሽ ይቆጠራሉ?

ይቆጠራሉ። አማርኛ ግን እዚህ ላይ ይቅር ባይ ነው። ቃሎቻችን ከሥር ተነባቢዎች ስለሚወለዱ «ሰበረኝ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ» ስንል ድግግሞሹ በቋንቋው ውስጥ ያለ ነው። ጆሮ ለምዶታል፤ እንደ ጌጥ አያየውም። ግጥማችን እንዲህ ይቀጥላል፦

> ከቀረሽ ቅሪ ቁርጤን ልወቀው

ቀ አራት ጊዜ አለ። ሁሉም በቃል መነሻ ላይ ባይሆኑም ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን አይረብሽም። ለምን? «ከቀረሽ ቅሪ» ሰው ሲናደድ ሳያስብ የሚለው ነው። «ቁርጤን ልወቀው»ም እንዲሁ። ማንም ሰው ግጥም ባይጽፍም በነዚሁ ቃላት ይናገር ነበር። ድግግሞሹ ከንግግር ስለመጣ ጌጥ መሆኑ አይታወቅም።

የሰዋስው ቅጥያዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። «የኔ የልብ የቅርብ የሩቅ» ብላችሁ የ ብትደረድሩ ያ የተነባቢ ድግግሞሽ ሆኖ አይሰማም፤ ዝርዝር ነው የሚመስለው። «መጣሽ፣ ሄድሽ፣ ጠፋሽ፣ ተመለስሽ» ላይ ያለው ሽም እንደዚያው። እነዚህ በነጻ የሚመጡ ናቸው። ጀማሪ ገጣሚ ብዙ ጊዜ በነሱ ይሸወዳል፤ ድምፁ ሞላ ብሎ ያስባል፣ የሞላው ግን ሰዋስው ነው። ጆሮ የሚይዘው የሥሩን ድምፅ ነው።

የአናባቢ ድግግሞሽ ለምን ብዙም አይታወቅም?

አናባቢ ቃሉን አይከፍትም፤ ውስጡ ይቀመጣል። አድማጩ «ኦ ተደጋገመ» አይልም፤ «ጨለመብኝ» ይላል። ለዚህ ነው ከተነባቢው ይልቅ ብዙ ቢሆን የሚቻለው። ይህንን ስሙት፦

> ጎጆዬ ቆሞ ጎድሎ ጨልሞ

ሳብዑ ሰባት ጊዜ አለ። ከንፈር እየሞለሞለ ይወጣል፣ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። ኦ እና ኡ ብሩህ የሆነው የላይኛው የድምፅ ክፍል ይቀንስባቸዋል፤ ኢ እና ኤ ደግሞ ይጎላባቸዋል። «ጨለማ» እና «ብሩህ» የምንለው ስሜት ከፊሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በአማርኛ ግዕዙና ሳድሱ በየቦታው አሉ። ስለዚህ «ነገረ፣ ከበደ፣ ሰበረ» ብላችሁ ግዕዙን ብትደጋግሙት ማንም ልብ አይለውም። ሳድሱም እንዲሁ። ስሜት ልትሰጡበት የምትችሉት አናባቢ ቁጥሩ አነስ የሚለው ነው፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቢመለሱ ስንኙን ያቀልሙታል። ራብዑ መሐል ቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ግን ክፍት ስለሆነና በዜማ ስለሚረዝም ጠንካራ ቦታ ላይ ሲውል ይሰማል።

የአናባቢ ድግግሞሽ የሚረብሸው ከቤቱ ጋር ሲጋጭ ነው። ቤቱ በ«ሞ» የሚመታ ከሆነ፣ ስንኙ ውስጥ ያለው ሁሉ ኦ ሲሆን ቤቱ ከሌላው አይለይም። ከላይ ያለው ስንኝ ለብቻው ያስኬዳል። አራት ስንኝ በዚሁ ከቀጠለ ግን መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም።

ዜማ ሲገባ ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። በመጀመሪያ ርቀት በቃላት ሳይሆን በጊዜ ይለካል። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ ዘፈን አንድ ምት አንድ ሴኮንድ ነው። ሁለት የ«መ» ቃላት በስምንት ምት ቢራራቁ ስምንት ሴኮንድ ነው፤ ጆሮ የመጀመሪያውን ረስቶታል። በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያየናቸው ድምፆች ሲዘፈኑ ሊጠፉ ይችላሉ። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ምቱ ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ቀለም ቢገባ ለአንድ ቀለም ሩብ ሴኮንድ ብቻ ይደርሰዋል። ጥ፣ ጭ፣ ቅ እየተፈራረቁ ሲመጡ የዘፋኙ ምላስ ይተሳሰራል።

ሁለተኛው ጠንካራው ምት ነው። ድግግሞሽ የሚሰማው ምቱ ላይ ሲወድቅ ነው። «ማዶ ማዶ ሳይ» ላይ ሁለቱም ማ ምት ላይ ካረፉ ድግግሞሹ ይመታል። አንዱ ከምት ውጭ ቢወድቅ ድምፁ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከበዛባችሁ ቃል ከመቀየር በፊት ከምቱ ላይ አንሸራቱት። ያነሰባችሁን ደግሞ ምቱ ላይ አምጡት።

ሦስተኛው ረጅሙና ከፍተኛው ኖታ ነው። ዘፋኝ ከፍ ሲል አፉን ይከፍታል። ኢ፣ ኡ እና ሳድሱ ደግሞ ጠበብ ያለ አፍ ይፈልጋሉ። ከፍታ ላይ ሲያዙ ቅርጻቸው ይለወጣል። «ልብ» የሚለውን ረጅም ኖታ ላይ ብታስቀምጡት ወደ «ለብ» ይጠጋል። በየስንኙ መጨረሻ በሳድስ የተሠራ ውብ ድግግሞሽ ካላችሁና ዜማው እዚያ ላይ የሚረዝም ከሆነ፣ የጻፋችሁት ድግግሞሽ አይሰማም፤ ሌላ ድምፅ ነው የሚሰማው። «ሳይ» እና «ላይ» እዚህ ጋ ይጠቅማሉ። ዘፋኙ ራብዑን የፈለገውን ያህል ይዞ መጨረሻ ላይ በ«ይ» ይዘጋዋል።

ሰ እና ሸ ስቱዲዮ ውስጥ ለምን ያስቸግራሉ?

ሹክሹክታ ለመፍጠር ጥሩ ናቸው፦

> ሹክ ሲሉኝ ሰማሁ ስሟን በስሱ

ሲነበብ በጆሯችሁ የሆነ ሰው ያንሾካሹካል። ማይክሮፎን ፊት ግን ሰ የሚበዛው ጉልበቱ በከፍተኛው የድምፅ ክልል፣ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ነው። አንድ ሰ አያስቸግርም። አምስት ሲደረደሩ ጆሮ የሚወጋ ፉጨት ይሆናሉ። የድምፅ ባለሙያው ዲ-ኤሰር በሚባለው መሣሪያ ይቀንሰዋል፤ ሲበዛ ግን ዘፋኙ የተኮላተፈ ይመስላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስንኝ ከጻፋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። በአዝማች ውስጥ አታስገቡት፤ አዝማች ተመልሶ ይመጣል።

ድግግሞሽ ቃል ሲያስውጥስ?

ይህ ብዙ የማይወራለት ችግር ነው። አንድ ቃል የሚያልቅበት ድምፅ ቀጣዩ ቃል ከሚጀምርበት ጋር አንድ ሲሆን ሁለቱ ይጣበቃሉ። «ልብ በረደ» ሲዘፈን «ልበረደ» ይሆናል። «ቀን ነጎደ» ደግሞ «ቀነጎደ»። ድንበሩ ጠፋ፣ ቃሉም ጠፋ። ወረቀት ላይ ክፍተቱ ስለሚታይ ጸሐፊው አያስተውልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመሐላቸው አጭር ቃል አስገቡ ወይም ቅደም ተከተሉን ቀይሩ፤ «በረደ ልቤ»።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ድምፁን መቀያየር ይቻላል?

ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ድግግሞሽ ስሜት የሚሰጠው በራሱ ብቻ ሳይሆን ሲቋረጥም ነው። አራቱን መስመር አንድ ላይ እንያቸው፦

> የመጣሽ መስሎኝ ማዶ ማዶ ሳይ
> ሌቱ አለፈ ልቤ መንገድ ላይ
> ከቀረሽ ቅሪ ቁርጤን ልወቀው
> ልቤን ከመንገድ ልጥራው ልመልሰው

ሁለት ስንኝ ሙሉ በመ እና በለ ፈሰስን። ጆሮ ያንን ለምዶ ተቀምጧል። ሦስተኛው ላይ ድንገት ቀ ይመጣል። «ተናደደ» የሚል ቃል የለም፤ ንዴቱ ግን ገባ። ሦስተኛው ስንኝ ብቻውን ቢሆን ተራ ንግግር ነበር። ጠንካራ የሆነው ከፊቱ ለስላሳ ስለነበረ ነው። አራቱም ስንኝ በቀ ቢሞላ ኖሮ ሦስተኛው ላይ ምንም አይሰማም ነበር።

አራተኛው ወደ ለ ይመለሳል፤ «ልቤን፣ ልጥራው፣ ልመልሰው»። መንገድ ላይ ቀርቶ የነበረው ልብ ሲጠራ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሰማነው ድምፅ አብሮት ይመጣል። ቅድም ስለ ጥናቱ ያልነው እዚህ ይሠራል፤ ለ ሲመለስ «ሌቱ አለፈ ልቤ»ም አብሮ ይታወሳል። ጥ ግን መሐል ላይ አለች፤ «ልጥራው»። እሷን ማውጣት ይቻላል፤ «ልያዘው» ቢባል ስንኙ ይለሰልሳል። እኔ እንድትቆይ እፈልጋለሁ። ንዴቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደም፣ ትንሽ ቢቀር ይሻላል።

ከየት ልጀምር? መጀመሪያ ድምፅ ወይስ ቃል?

ከቃል። ያለሱ ስንኙ የማይቆምበትን አንድ ቃል ፈልጉ። በኛ ግጥም «ማዶ» ነው። ከዚያ የዚያን ቃል ድምፅ የሚያስተጋቡ አንድ ሁለት ቃላት በተፈጥሮ ይመጡ እንደሆነ እዩ። ከመጡ ጠንካራ ምት ላይ አስቀምጧቸው። ካልመጡ ተዉት። መዝገበ ቃላት ገልጦ በመ የሚጀምር ቃል መፈለግ ሲጀመር «መሐል መንገድ» ይመጣል።

ከዚያ በስልካችሁ ዘፍናችሁ ቅዱት፤ ለማያውቀው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አሰሙትና ስለ ምን እንደሆነ ጠይቁት። «ሰው እየጠበቀ ነው» ካለ ድግግሞሹ ቦታውን ይዟል። «መ መ መ የሚለው?» ካለ በዝቷል። «ቆንጆ ነው» ብቻ ካለ ገና አልታወቀም፤ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ግጥሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ዜማው ቢቀየርስ?

እንደ አዲስ መፈተሽ አለበት። ምቱ ሲዞር ጠንካራ ቦታ ላይ የነበረው ማ ወደ ደካማ ቦታ ይሄዳል፤ ተሸሽጎ የነበረው ጥ ደግሞ ምት ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቃል መቀየር አያስፈልግም። ስንኙን በግማሽ ምት አዘግይቶ መግባት ወይም አንድ ቃል ከፊት ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል። ይህንን ደግሞ ከዜማ ደራሲው ጋር አብሮ ተቀምጦ እየዘፈኑ መሥራት እንጂ ግጥሙን በጽሑፍ እየተላላኩ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ጽሑፉ ምቱ የት እንደሚያርፍ አያሳይም።